ከፍሬሙ አናት ብቅ ያለው ማይክ

እናት ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ትቀዳለች። ልጇ ሶፋው ጠርዝ ላይ ሆና ለወራት በሆዷ የያዘችውን ነገር ልታወጣው ነው። ድምጿ ይሰባል፣ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ልክ በዚያች ሰዓት ከላይ፣ ከፀጉሯ ትንሽ በስተቀኝ፣ ግራጫና ፀጉራም የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ምስሉ ይገባል። አራት ሰከንድ ያህል ይቆይና ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምትለውን የሚሰማ ተመልካች የለም። ሁሉም ያ ነገር እንደገና ይወርድ እንደሆነ የምስሉን አናት ይጠብቃል።

ያ ነገር ቡም ማይክ ነው፤ በረጅም ዘንግ ጫፍ ታስሮ ከተዋንያን ራስ በላይ የሚንሳፈፈው ማይክሮፎን። ፀጉር የሚመስለው ልባሱ ደግሞ ነፋስ የሚከለክልለት ነው። ይህን ሾት ያገኘሁት የአንድ ድራማ ክፍል ኤዲት ሳደርግ ነበር። ቤቱ ለአንድ ቀን ተከራይቶ ለባለቤቱ ተመልሷል፣ ተዋናይቷም ያንን ሹክሹክታ ያመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሾቱን መጣል አልቻልኩም። እዚህ የምተርከው ያንን ማይክ እንዴት እንዳጠፋሁት፣ በመንገዱም ምን ምን እንደተበላሸብኝ ነው።

መጀመሪያ ግን ማይኩ እዚያ ምን ይሠራል? ቡም ያዡ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከአፍ እስከ ማይክ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ የሚመለሰው ማስተጋባት ግን ያን ያህል አይቀንስም። የእኛ ቤቶች ሲሚንቶ ለስን ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያላቸው ስለሆኑ ማይኩ ትንሽ ራቅ ሲል ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጥሩ ቡም ያዥ ስለዚህ የፍሬሙን ጠርዝ እየታከከ ይሠራል። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ማይኩን ካሜራው ውስጥ እስኪታይ ያወርደዋል፣ ካሜራማኑ “ቡም!” ሲለው አንድ ጋት ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ ያንን ከፍታም በክንዱ ያስታውሰዋል። ተዋናይቷ በልምምዱ ያልነበረ ሹክሹክታ ስታመጣ እጁ ድምፁን ተከትሎ ይወርዳል። የኛዋ ሾት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ሰውዬው ጆሮውን አምኖ ትክክለኛውን ነገር አደረገ፤ በጠርዙ ግን ተላለፈ።

ዘንጉ ራሱ ዕድሜው ከድምፃዊ ፊልም ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በ1929 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዳይሬክተሯ ዶሮቲ አርዝነር “ዘ ዋይልድ ፓርቲ” የተባለውን ፊልም ስትሠራ፣ ተዋናይቷ ክላራ ቦው እንደልቧ እንድትንቀሳቀስ ማይክሮፎኑን በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ አስሰቅላ እንደነበር ይነገርላታል። ማይኩ ከሰው በላይ መንሳፈፍ ከጀመረ ወዲህ ታዲያ ወደ ምስሉ የመውረዱ ጣጣም አብሮ አለ።

ብዙ ተመልካች የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በሴሉሎይድ ዘመን ሲኒማ ቤት ውስጥ ማይክ ሲታይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፊልሙ ሠሪዎች ሳይሆን የአጫዋቹ ነበር። በ1950ዎቹ፣ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ቤቱ ባስቀረበት ጊዜ፣ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሰፊ ምስል ማሳየት ፈለጉ። በቀላሉ የሚሆነው ዘዴ ደግሞ ካሜራው እንደድሮው ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋውን ምስል እንዲቀርጽ ትቶ ላዩንና ታቹን በማሳያው መሣሪያ ላይ መከለል ነበር። ፕሮጀክተሩ ውስጥ፣ ፊልሙ በሚያልፍበት በር ላይ፣ መሃሉ የተቀደደ ስስ የብረት ሳህን ይገባል፤ ብርሃኑ የሚያልፈው በዚያ ቅዳጅ ብቻ ነው። ካሜራው የቀረጸው ምስል ወርድ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ሲሆን ስክሪኑ ላይ የሚታየው 1.85 እጥፍ ነው። ይህ ማለት የተቀረጸው ምስል ቁመት 100 ቢሆን ተመልካቹ የሚያየው 74ቱን ብቻ ነው፤ 13 ከላይ፣ 13 ከታች ይደበቃል። ያች የላይኛዋ 13 የማይኩ ማደሪያ ነበረች።

አጫዋቹ የተሳሳተ ሳህን ካስገባ ወይም ምስሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መዘውር በትክክል ካላስተካከለ ማይኩ ከነዘንጉ ይገለጣል። ያው ፊልም ለቪዲዮ ካሴት ሲገለበጥም ችግሩ ይመጣል፤ የድሮው ቴሌቪዥን ለአራት ማዕዘን የቀረበ ስለሆነ የተከለለው ክፍል ተከፍቶ ይታይ ነበር። በ1985 የወጣው የቲም በርተን ፊልም “ፒ ዊስ ቢግ አድቬንቸር” ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከብስክሌቱ ላይ ካለች ትንሽ ሳጥን ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት እየሳበ ያወጣል። ሲኒማ ቤት ያየው ሰው ይስቃል። በቪዲዮ ያየው ግን ሰንሰለቱ ከሳጥኑ ሥር፣ ከታች በኩል ሲገባ ያያል፤ ቀልዱም እዚያው ያበቃል።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ ያ የብረት ሳህን ስለሌለን ነው። የዲጂታል ካሜራው የቀረጸው በሙሉ ስልክ ላይ ይታያል። የድሮው ባለ ከርስ ቴሌቪዥን እንኳ የምስሉን ጠርዝ ዙሪያውን ይበላ ስለነበር አንዳንድ ማይክ በዚያ ይድን ነበር፤ ጠፍጣፋዎቹ ከመጡ ወዲህ ያም ቀረ። ያ ሳህን ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ኤዲተሩ በእጁ፣ ሾት በሾት ይሠራዋል።

ወደ ሾቷ እንመለስ። ምስሉ ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ተተክሎ አይንቀሳቀስም። ሾቷ 22 ሰከንድ ትረዝማለች፤ ማይኩ በ9ኛው ሰከንድ ገብቶ በ13ኛው ይወጣል። ዝቅ ባለበት ጊዜ ጫፉ ከላይኛው ጠርዝ 86 ፒክስል ይርቃል። የልጅቷ ራስ አናት ደግሞ ከጠርዙ በ130 ፒክስል ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከሁሉም አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም የሥራው ዕጣ የሚወሰነው በማይኩ ጫፍና በፀጉሩ መካከል ባለው ክፍተት ነው። እዚህ ላይ 44 ፒክስል አለን። ማይኩ ፀጉሩን ቢነካው ኖሮ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆን ነበር።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምስሉን ማስጠጋት ነው፤ ትንሽ አተልቆ ማይኩን ከጠርዙ ውጭ መግፋት። ሐሳቡ ልክ ነው፤ አሠራሩ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። `Scale` የሚለውን ቁጥር ማይኩ እስኪጠፋ ድረስ ያሳድጉታል። ፕሮግራሙ የሚያተልቀው ከመሃል ስለሆነ ከላይ 86 ፒክስል ሲጠፋ ከታችም 86 ይጠፋል። ከ1080ው 908 ብቻ ይቀራል፤ ያንን ወደ 1080 ለመመለስ 119 በመቶ ማተለቅ ያስፈልጋል። የእኔ ሾት ላይ ይህ ማለት ረከቦቱ ከነስኒው ግማሹ ተቆርጦ እናትየው ቡናውን ወደማይታይ ነገር ትቀዳለች ማለት ነው። ምስሉም ይለሰልሳል፤ ካሜራው በጨለማ ጥግ ያመጣው ብናኝ አብሮ ያድጋል።

ትክክለኛው መንገድ አተልቆ ከፍ ማድረግ ነው። የሚበቃን ከላይ 86 ፒክስል ማጥፋት ነው፣ ከታች ምንም። 1080 ሲካፈል ለ994 ወደ 1.087 ይመጣል፤ ትንሽ ትርፍ እንዲኖረው 109 በመቶ እንበለው። ከዚያ ምስሉን ታቹ ከፍሬሙ ታች እስኪገጥም ድረስ ወደ ላይ መሳብ። በፕሪሚየር ላይ ቁጥሮቹ እንዲህ ይሆናሉ፦

```
Scale     109
Position  960  492
```

ሁለተኛው ቁጥር ያለወትሮው 540 ነበር፤ በ48 ቀንሰን ምስሉን ከፍ አደረግነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ያው ነገር +48 ተብሎ ይጻፋል። አሁን ከላይ ወደ 89 ፒክስል ጠፍቷል፣ ከታች ግን ምንም አልጠፋም ማለት ይቻላል። ረከቦቱ በቦታው ነው። ከግራና ከቀኝ 79 79 ፒክስል ሄዷል፤ እዚያ ያለው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ማንም አይፈልገውም። በ119 እና በ109 መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ግን አንደኛው በግልጽ የተጎተተ ምስል ሆኖ ይታያል፣ ሁለተኛውን ለመለየት የሰለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ፊልሙ የሚወጣው በዚሁ መጠን ሆኖ የተቀረጸው በ4ኬ ቢሆን ኖሮ እንኳን 109 ከዚያ በላይም ቢተልቅ ጥራቱ አይነካም ነበር፤ ትርፍ ፒክስል ስላለ።

ሁለት ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። አንደኛ፣ ይህ ለውጥ ማይኩ ለሚታይባቸው አራት ሰከንዶች ብቻ ከተደረገ ምስሉ መሃል ላይ ዘሎ ይጠጋና ዘሎ ይርቃል። ማይኩ ያስከተለው ሁከት በሌላ ሁከት ተተካ ማለት ነው። ስለዚህ ሾቷ ሙሉ በሙሉ በአንድ መጠን ትሁን። ሁለተኛ፣ ያቺው ሾት በትዕይንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ትመለሳለች፤ በመካከሏ የእናትየው ፊት በቅርበት ይታያል። ለአንዷ ብቻ ካደረግን ልጅቷ ከአንድ ቅንጥብ ወደ ሌላው ስትሄድ ታድጋለች፣ ታንሳለች። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባይናገረውም የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል። ለሦስቱም ያው ቁጥር።

እዚህ ላይ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሾቷን እስከ መጨረሻ አየሁት። በ18ኛው ሰከንድ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ቀና ትላለች፣ የራሷ አናትም ከ130 ወደ 70 ፒክስል ይጠጋል። እኔ ከላይ 89 ቆርጫለሁ። ፀጉሯ ተቆረጠ። በቅርበት በሚታይ ፊት ላይ አናት መቆረጡ የተለመደ ነው፤ በሰፊ ሾት ላይ ግን ሰው ጣሪያ የገጨ ይመስላል። ከ13ኛው እስከ 18ኛው ሰከንድ ምስሉን ቀስ አድርጎ ወደ 100 በመቶ መመለስ ይቻል ነበር። ሞከርኩት። ልጅቷ የልቧን ተናግራ ልትቀና ስትል ካሜራው ከእርሷ መሸሽ ጀመረ፤ ትርጉሙ ከታሪኩ ጋር ተጣላ። ወደ ሰው የሚጠጋ ዝግታ ሁልጊዜ ይደበቃል፣ ከሰው የሚርቅ ግን ይታያል። ስለዚህ ማስጠጋቱን ትቼ ወደ ማስክ ሄድኩ።

ማስክ ሐሳቡ የጨርቅ መጣፍ ነው። ካሜራው ስላልተንቀሳቀሰ ማይኩ የሸፈነው ግድግዳ ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከሄደ በኋላ እዚያው አለ። ከዚያው ሾት ንጹሕ የሆነውን ክፍል ቆርጦ፣ ማይኩ ያለበትን ቦታ ብቻ በቅርጽ ከልሎ፣ በላዩ መለጠፍ ነው። ታይምላይኑ ላይ ዋናው ሾት ከታች፣ ጥፉ ከላይ ይቀመጣል። ጥፉ ላይ `Opacity` ሥር ባለው ብዕር ቅርጽ ይሣላል፤ ከቅርጹ ውጭ ያለው በሙሉ ይጠፋና የታችኛው ይታያል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ የላይኛውን 100 ፒክስል ከዳር እስከ ዳር መለጠፍ ነበር፤ ቀላሉ እርሱ ስለሆነ። ጭሱን ረሳሁት። ከእናትየው አጠገብ ያለው ማጨሻ ዕጣን ያጨሳል፤ ጭሱ እየተጥመለመለ ወደ ላይ ይወጣና ጥፉ ጋ ሲደርስ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይቀራል። በላይኛው ክፍል ደግሞ ከሌላ ሰዓት የመጣ ሌላ ጭስ ለብቻው ይንሳፈፋል። የጥፍ ሥራ ላይ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፦ ከጥፉ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ? ጭስ፣ መጋረጃ፣ የቅጠል ጥላ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፍ ሰው። ካለ ጥፉ ከእርሱ ይራቅ።

ስለዚህ ቅርጹን አጠበብኩት። ማይኩ ያለው በወርድ ከ1180 እስከ 1420 ባለው ቦታ ነው፣ ጭሱ ደግሞ በግራ፣ ከ700 ወዲያ አያልፍም። አራት ነጥብ ያለው ቅርጽ ማይኩን ዙሪያውን ከሃያ ሠላሳ ፒክስል ትርፍ ጋር እንዲይዝ አደረግሁ። የታችኛውን ጠርዝ 105ኛው ፒክስል ላይ አቆምኩት፤ በማይኩና በፀጉሯ መካከል ያለችው ክፍተት መሃል አካባቢ ማለት ነው። `Mask Feather` የሚለውን 15 ላይ ሳስቀምጠው ጠርዙ ስል ሳይሆን እየሟሸሸ የሚያልቅ ሆነ፣ ፀጉሯንም አልነካም።

የላይኛው ጠርዝ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የቅርጹን ላይኛ ነጥቦች ልክ ፍሬሙ አናት ላይ ካቆምናቸው ማሟሸሹ እዚያም ይሠራል፤ ጥፉ በጠርዙ ላይ ግማሽ ግልጽ ስለሚሆን ማይኩ እንደ ስስ ግራጫ ክር እየሆነ ይታያል። የኤዲቲንጉ መስኮት ትንሽ ከሆነ አይታይም፤ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። መፍትሔው የምስሉን ማሳያ አሳንሶ፣ ሁለቱን ነጥቦች ከፍሬሙ ውጭ ወደ ጥቁሩ ባዶ ቦታ መሳብ ነው።

ቀጥሎ ጥፉ ከየትኛው ሰዓት ይምጣ የሚለው ነው። የቆመ አንድ ምስል መለጠፍ ያጓጓል፤ ጥሩ አይሆንም። ካሜራ የሚቀርጸው ባዶ ግድግዳ እንኳ ዝም አይልም፣ ደቃቅ ብናኝ እየተፍለቀለቀበት ነው። የቆመ ምስል ከተለጠፈ ዙሪያው ሲፍለቀለቅ ያቺ ቦታ ብቻ የሞተች ትሆናለች። ምን እንደሆነ ባታውቁትም ዓይናችሁ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ጥፉም የሚሄድ ቪዲዮ መሆን አለበት፤ አራት ሰከንድ ለመሸፈን ከአራት ሰከንድ በላይ የሆነ ንጹሕ ክፍል። መጀመሪያ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሰከንድ ያለውን ወሰድኩ። ስመለከተው ጥፉ ከግድግዳው ትንሽ ደመቅ አለብኝ። በመስኮቱ በኩል የሚገባው የቀን ብርሃን ነው፤ በመካከሉ ደመና አልፏል። ብርሃኑን በቁጥር ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ከሌላኛው ወገን መሞከር ይሻላል ብዬ ከ13ኛው ሰከንድ በኋላ፣ ልጅቷ ቀና ሳትል በፊት ያለውን ክፍል ወሰድኩ። ደመናው ያኔም አልሄደም ነበር። ገጠመ።

ገጠመ ያልኩት ግን በዓይን ብቻ አይረጋገጥም። የጥፉን ቅርጽ ለጊዜው አጥፍቶ የመደራረቢያ ስልቱን ወደ `Difference` መቀየር ነው። በዚህ ስልት ሁለቱ ምስሎች አንድ በሆኑበት ቦታ ሁሉ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ የተለያዩበት ብቻ ይበራል። የሰዎቹ እንቅስቃሴ ይበራል፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። እኔ የማየው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ጠርዝ እንደ ስስ ነጭ መስመር በርቶ አገኘሁት። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ አንድ ሰው ረግጦ ሲያልፍ ትራይፖዱ በአንድ ፒክስል ወርዷል። ጥፉን በአንድ ፒክስል ከፍ ሳደርገው መስመሩ ጠፋ። ካሜራው በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ፎከሱ ሲቀየር ምስሉ በጥቂቱ ይሰፋል ወይም ይጠብባል፤ ያኔ ማንሣት ብቻ አይበቃም፣ ጥፉን በአንድ በመቶ ክፍልፋይ ማተለቅ ወይም ማሳነስም ይጠይቃል።

ማይኩ ጠፋ። ምስሉን ለቀቅኩት። ማንም ያላየውን ነገር ያየሁት ያኔ ነው፤ የማይኩ ጥላ። ዋናው መብራት ከግራ ስለሚመጣ ጥላው በስተቀኝ ግድግዳው ላይ፣ ከልጅቷ ትከሻ ጀርባ፣ እንደ ደብዛዛ ዱላ ወርዶ ይመለሳል። ማይኩ በነበረበት ጊዜ ዓይናችን ላይ ስለተያዘ ጥላውን አላየነውም። ባለቤት የሌለው ጥላ ከማይኩ የባሰ ያስደነግጣል። ሁለተኛ ማስክ፣ በዚያው ጥፍ ላይ፣ ማሟሸሹ ሰፋ ተደርጎ፤ ጥላ ራሱ ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ። የተሰቀለው ፎቶግራፍ መስታወት ላይም ነጸብራቅ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ለምን ምስሉ ላይና ታች ጥቁር መስመር አይደረግም ይል ይሆናል፤ እንደ ሲኒማ። ይቻላል። ያ የብረት ሳህን ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሰፊው የሲኒማ ቅርጽ፣ 2.39 የሚባለው፣ በ1080 ምስል ላይ ከላይም ከታችም 138 ፒክስል ይሸፍናል፤ 86 የሚወርድ ማይክ እዚያ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱን ሾት ሳያተልቁ ከመስመሮቹ ጀርባ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ይቻላል። ዋጋው ግን ሙሉ ፊልሙ እንዲያ መሆን አለበት፤ ለአንድ ሾት መጥቶ የሚሄድ ጥቁር መስመር አይሆንም። ካሜራማኑም ፍሬሙን ያበጀው ለዚያ ቅርጽ ካልሆነ በእያንዳንዱ ሾት አገጭ ወይም አናት ይከፍላል። “ሼን” የተባለው ካውቦይ ፊልም በ1951 ለአሮጌው ቅርጽ ተቀርጾ ነበር፤ በ1953 ሲወጣ ስቱዲዮው ለሰፊ ስክሪን ብሎ ላዩንና ታቹን ሸፍኖ አሳየው። ለሌላ ቅርጽ የተሣለ ምስል ነው በዚያ የተቆረጠው። የእኔ ድራማ ላይ ረከቦቱ ፍሬሙ ታች ጠርዝ አጠገብ ነው። ጥቁር መስመር ቢደረግ ቡናው ሥነ ሥርዓት የሚባለው ነገር ሁሉ ከትዕይንቱ ይወጣ ነበር፣ ትዕይንቱ ደግሞ ያለ እርሱ ምንም አይደለም።

ካሜራው በእጅ ተይዞ ቢሆን ኖሮስ? ያኔ ጥፉ ግድግዳውን ተከትሎ መሄድ አለበት። ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ጉልህ ነጥብ፣ የፎቶግራፉን ማዕዘን ለምሳሌ፣ ፍሬም በፍሬም እንዲከታተል ይደረግና ጥፉ ከዚያ ጋር ይታሰራል። ባዶ ነጭ ግድግዳ ከሆነ የሚይዘው ነጥብ ስለማያገኝ ጥፉ ይዋልላል። ማይኩ ከፀጉር ጋር ከተነካካ ደግሞ የፀጉሩን መስመር በየፍሬሙ በእጅ መሣል ይጠይቃል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን አራት ሰከንድ 100 ሥዕል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ እኔ በሐቀኝነት የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው፦ ድምፁን እንዳለ ትቶ በምስሉ ላይ ሌላ ሾት ማልበስ። እናትየው ጀበናውን ስታነሣ፣ ቡናው ሲኒው ውስጥ ሲወርድ፣ የልጅቷ ሹክሹክታ በላዩ እየተሰማ። አንዳንዴ ከፊቷ ይልቅ ያ ያስጨንቃል።

ከዚህ ሾት በኋላ ሙሉውን ክፍል ለሌሎች ማይኮች ፈተሽኩት። ዓይን ታሪኩን ስለሚከተል በተለመደው አያያዝ ማየት አይበቃም። የማደርገው ሁሉንም ሾቶች በአንድ ማስተካከያ በ300 ፒክስል ወደ ታች ማውረድ ነው፤ የምስሉ አናት ወደ ስክሪኑ መሃል ይጠጋና ከላዩ ጥቁር ባዶ ይሆናል። ብርሃኑንም ከፍ አደርጋለሁ፤ ጥቁር ማይክ በጨለማ ጣሪያ ላይ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ አይታይም፣ ሰው ቤቱ ቴሌቪዥኑን አድምቆ ሲያይ ግን ይወጣል። ድምፁን አጥፍቼ በእጥፍ ፍጥነት አስኬደዋለሁ። ታሪክ ስለማይሰማ ዓይን ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ሁለት ተጨማሪ አገኘሁ፤ አንዱ 11 ፒክስል ብቻ ነበር፣ በሾቱ የመጨረሻ ስምንት ፍሬሞች ላይ። እርሱን ቅንጥቡን ቀደም ብሎ መቁረጥ በቃው።

ቀጣዩ ክፍል ሲቀረጽ እኔም ቦታው ሄድኩ። ከካሜራማኑ ጋር የተነጋገርነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በትራይፖድ የተሠራ ሾት ሲያልቅ፣ ካሜራው ከመነቀሉ በፊት፣ ተዋንያኑ ይውጡ፣ ቡሙ ይነሣ፣ መብራቱ እንዳለ ይሁን፣ ፎከሱን ማንም አይንካ፤ ከዚያ ባዶውን ክፍል ለአሥር ሰከንድ ይቅረጽልኝ። የመጀመሪያ ቀን ረዳቶቹ ባዶ ሶፋ እየተቀረጸ ማየታቸው ግራ አጋባቸው። በሦስተኛው ቀን ግን ቡም ያዡ ራሱ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ በሩ እያፈገፈገ፣ “ግድግዳውን አንሣ እንጂ፣ ትረሳለህ” ሲለው ሰማሁ።